ሰላምታችን በር ላይ ይጀምር፦ ለመምህራን የቀረበ ንግግር

ሰላም፣ እንዴት ዋላችሁ? ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ከኋላ የቆማችሁትም ወንበር አለ እባካችሁ ግቡ፣ ቀኑን ሙሉ ቆማችሁ ስታስተምሩ ውላችሁ እዚህ ደሞ ትቆማላችሁ እንዴ? እሺ። ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ደክሟችሁ እንደመጣችሁ ስለማውቅ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ በቀጥታ ወደ ነገሩ እገባለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ደወል ሲደወል ጀምሮ እስከ መጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ድረስ መምህሩ ተማሪዎቹን እንዴት ሰላም ይላል? በቃ ይሄ ነው። ሶስት ቦታ ላይ እቆማለሁ፣ መጀመሪያ በሩ ላይ፣ ቀጥሎ ከበሩ እስከ ወንበሩ ያለችው መንገድ ላይ፣ ከዛ ረዘም አድርጌ የማወራው ደሞ ድምፃቸው ስለማይሰማው ልጆች ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ክላስ ስትገቡ መጀመሪያ የምትሰሙት ምንድነው? ወንበር ይጎተታል፣ አንዱ እርሳሴን መልስ ይላል፣ ሁለቱ በእረፍት ሰአት ያልጨረሱትን ጨዋታ ይጨርሳሉ፣ አንዷ መስኮት ጋ ቆማ ውጪ ያለችውን ጓደኛዋን ትጠራለች። እናንተ ፊት ለፊት ቆማችሁ "ዝም በሉ" ትላላችሁ። አንዴ። ሁለቴ። በሶስተኛው ድምፃችሁ ከነሱ በላይ ይወጣል፣ እነሱም በናንተ ድምፅ ላይ ለመሰማማት የበለጠ ይጮሃሉ። ከዛ አንዱ ላይ ትቆጣላችሁ፣ ክፍሉ ለጊዜው ፀጥ ይላል፣ ግን ያ ፀጥታ ምን አይነት ነው? የፍርሃት ነው አይደል? እና በዛ ግርግር ውስጥ አንድ ጥግ ላይ ምንም ሳታጠፋ የተቀመጠችው ልጅ የቀኑ የመጀመሪያ ቃል ከመምህሯ የሰማችው ቁጣ ነው። ለሷ አይደለም የተባለው፣ ግን የሰማችው እሷም ናት።

ልጆቹ ለምን ይጮሃሉ? ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ከውጪ ሲመጡ ሰውነታቸው ገና ሩጫ ላይ ነው፣ ክፍል ሲገቡ ደሞ አሁን ምን እንደሚሰሩ የነገራቸው ሰው የለም። ስራ የሌለው እጅ የራሱን ስራ ይፈጥራል። ስለዚ ሰላምታው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መስራት አለበት፣ ልጁን ከሩጫው ማውጣት እና የሚሰራው ነገር መስጠት። አንዱ ብቻ ከሆነ አይሰራም። ብዙ መምህር በር ላይ ፈገግ ብሎ ተቀብሎ "እኔጋ እኮ አልሰራም" የሚለው ሁለተኛው ስለጎደለ ነው፣ ልጁ በፈገግታ ገባ፣ ተቀመጠ፣ የሚሰራው ነገር አጣ፣ ወደ ጓደኛው ዞረ።

እሺ፣ በሩ ላይ እንቁም።

ከደወሉ በፊት ሰሌዳው ላይ አንድ ስራ ተፅፎ ይጠብቃል። ምን አይነት ስራ? ማንም ሳያስረዳው እያንዳንዱ ልጅ ብቻውን ሊጀምረው የሚችል፣ ከትናንቱ ትምህርት የተወሰደ፣ ሶስት አራት ደቂቃ የሚፈጅ። ከባድ ከሆነ እጅ ይወጣል፣ "ቲቸር አልገባኝም" ይመጣል፣ ፀጥታው ያኔ አለቀ ማለት ነው። በጣም ቀላል ከሆነ ደሞ ፈጣኖቹ በግማሽ ደቂቃ ጨርሰው ወሬ ይጀምራሉ፣ ስለዚ መጨረሻ ላይ አንድ ክፍት ጥያቄ ጨምሩበት፣ "ተመሳሳይ ጥያቄ ራስህ ፍጠር" አይነት።

ከዛ በሩ መሀል ላይ ትቆማላችሁ፣ አንድ እግር ውስጥ አንድ እግር ውጪ። ለምን? ሙሉ በሙሉ ውጪ ከቆማችሁ ቀድመው የገቡትን አታዩም፣ ውስጥ ከቆማችሁ ደሞ ሰልፉን አታዩም። ልጆቹ አንድ በአንድ ይገባሉ። ለእያንዳንዱ ስሙን፣ ፊቱን አይታችሁ አንድ አጭር ነገር፣ ከዛ "ሰሌዳው ላይ ጥያቄ አለልህ"። አለቀ። ሶስት ሰከንድ ነው። አሁን አንዳንዶቻችሁ "የኔ ክፍል ሀምሳ ልጅ አለው" እያላችሁ እንደሆነ ይገባኛል፣ እናስላው፣ ሀምሳ ልጅ በሶስት ሰከንድ 150 ሰከንድ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ተኩል። "ዝም በሉ" ስትሉ የምታጠፉትን ጊዜ ደሞ ራሳችሁ አስቡት።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ ድምፃችሁ ዝቅ ይበል። በጣም ዝቅ። ሰላምታውን ለመስማት ልጁ ራሱ ዝም ማለት አለበት፣ ከኋላው ያለውም ምን እንደተባለ ለመስማት ጆሮውን ያቀናል፣ ሰልፉ እንዲህ እንዲህ እያለ ይበርዳል። በር ላይ ቆመው በከፍተኛ ድምፅ "እንዴዴዴ ጀግናዬ!" የሚሉ መምህራን አሉ፣ ፍቅራቸው እውነት ነው፣ ግን ጩኸቱን እነሱ ራሳቸው ከፍ አደረጉት።

መልሱን ደሞ ልጁ ይምረጥ። በሩ አጠገብ በልጆቹ አይን ልክ አንዲት ትንሽ ፖስተር ለጥፉ፣ አራት ስዕል ያለባት፦ መጨባበጥ፣ እጅ ማውለብለብ፣ እጅን ደረት ላይ ማድረግ፣ ራስን ዝቅ ማድረግ። ልጁ በጣቱ ይነካል ወይም ዝም ብሎ ያደርገዋል፣ እናንተም ያንኑ ትመልሳላችሁ። አራቱም እኩል ናቸው። መጨባበጡ "ጥሩው" ራስ ዝቅ ማድረጉ "ያፈረ ልጅ" እንዳይሆን ተጠንቀቁ፣ እንደዛ ከሆነ ምርጫ መሆኑ ቀረ። አንዳንድ ቀን እናንተ ራሳችሁ ቀድማችሁ ራሳችሁን ዝቅ ብታደርጉ ጥሩ ነው፣ ያኔ ልጆቹ ይሄም ሙሉ ሰላምታ እንደሆነ ያያሉ።

ይሄ ነገር በጥናትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ኦልዴይ እና ፓኩራር የተባሉ ተመራማሪዎች ትምህርታቸው ላይ መቆየት የሚከብዳቸውን ሶስት ተማሪዎች ተከታትለው ነበር፣ መምህሮቻቸው በር ላይ በስማቸው እየጠሩ አንድ ጥሩ ነገር ሲሏቸው ክፍለ ጊዜው ሲጀምር ስራቸው ላይ የሚያተኩሩበት ጊዜ በአማካይ ከ45 በመቶ ወደ 72 በመቶ ከፍ አለ። ሶስት ልጅ ትንሽ ቁጥር ነው፣ በዚህ ብቻ አለምን ቀየርኩ አይባልም። ግን አስቡት፣ የተቀየረው ነገር እኮ ሰላምታ ብቻ ነው! ትምህርቱ አልተቀየረም፣ መፅሐፉ አልተቀየረም።

"እኔ እኮ ነኝ ከክፍል ክፍል የምዞረው፣ ልጆቹ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል" የምትሉም አላችሁ። ትክክል ነው፣ በር የላችሁም። ያኔ ስራውን ቀድማችሁ ትልቅ ወረቀት ላይ ፃፉትና እንደገባችሁ ስቀሉት፣ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ስትፅፉ ነው ክላሱ የሚፈርሰው። እነሱ መስራት ሲጀምሩ በረድፎቹ መሀል እየሄዳችሁ ሰላምታውን እዛው ወንበራቸው ላይ አድርሱ። በአንድ ቀን ሁሉንም ማዳረስ ካልተቻለ ዛሬ ሁለት ረድፍ፣ ነገ ሁለት ረድፍ፣ ግን ተራው የታወቀ ይሁን፣ ልጆች ተራቸውን ይጠብቃሉ፣ ከዘለላችሁት ያውቁታል።

ሁለተኛው፣ ከበሩ እስከ ወንበር ያለችው መንገድ። ይቺ አጭር ናት ግን ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው። ልጁ በእርጋታ ገባ፣ ቦርሳውን ሊያስቀምጥ ሲል ጓደኛውን ረገጠ፣ ጠብ። ስለዚ በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ሳምንት መንገዱን አለማምዷቸው፣ በእውነት አለማምዷቸው፣ ግቡ ተቀመጡ ውጡ እንደገና ግቡ። ቦርሳ የት ይቀመጣል፣ ደብተር መቼ ይወጣል፣ እርሳስ የሌለው ከየት ይወስዳል። በተለይ የእርሳሱን ነገር እንዳትረሱ፣ በሩ አጠገብ አንድ ቆርቆሮ ውስጥ የተቀረፁ እርሳሶች ይኑሩ፣ የጠዋት ጩኸት ግማሹ ከእርሳስ ነው የሚመጣው። እየሮጠ የገባ ልጅ ካለ አትቆጡት፣ "ተመልሰህ ናና እንደገና ሰላም ልበልህ" በሉት፣ በዛው ዝቅ ባለ ድምፅ። ቅጣት አይደለም፣ ሰላምታው ስላመለጠው ነው።

ሁሉም ተቀምጦ መፃፍ ሲጀምር ነው የጋራው ሰላምታ የሚመጣው። እጃችሁን አንሱ፣ ጠብቁ፣ በጩኸት ላይ አትናገሩ። ከዛ "እንደምን አደራችሁ"፣ እነሱ ይመልሳሉ፣ ከዛ እያንዳንዱ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ በስሙ ሰላም ይላል። እዚች ጋ አደራ የምላችሁ ነገር አለ፣ "ጓደኛ ፈልጉና ሰላም በሉ" እንዳትሉ። ጓደኛ ፈልጉ ሲባል ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ አይደል? ተግባቢዎቹ በሁለት ሰከንድ ይገናኛሉ፣ አይናፋሩ ልጅ ደሞ መሀል ላይ ቆሞ ማንም እንዳልመረጠው ሁሉም ያየዋል። በየቀኑ! ሰላምታ ብለን የጀመርነው ነገር በየጠዋቱ ያንን ልጅ ብቸኛ መሆኑን የምናስታውስበት ስነስርአት ሆነ ማለት ነው። ጎረቤቱ የታወቀ ይሁን፣ ለወር ያህል አንድ ሰው፣ ጎደሎ ቁጥር ከሆነ ሶስት ሰው አስቀድማችሁ መድቡ። አይናፋር ልጅ ማን ጋ እንደሚዞር ካወቀ መዞር አይከብደውም፣ የሚከብደው አለማወቁ ነው።

አሁን ወደ ሶስተኛው ልምጣ፣ እውነቱን ለመናገር የመጣሁትም ለዚህ ነው።

ማነው ዝምተኛው ልጅ? ሁላችሁም አንድ ሁለት ስም መጣላችሁ። እኔ ግን የምጠይቃችሁ ስማቸው ያልመጣላችሁን ነው። አንድ ነገር ሞክሩልኝ፣ ዛሬ ማታ ስም ዝርዝሩን ሳታዩ ባዶ ወረቀት ላይ የክፍላችሁን ልጆች ስም በሙሉ ፃፉ። የመጀመሪያዎቹ ቶሎ ይመጣሉ፣ ጎበዞቹና ረባሾቹ ናቸው። ከዛ እየዘገየ ይሄዳል። ከዛ ትቆማላችሁ። ከዝርዝሩ ጋ አስተያዩት፣ የጎደሉት ስሞች አሉ፣ በየክፍሉ አሉ። እነዛ ልጆች አይረብሹም፣ አይመልሱም፣ ቀሪ እንኳን ሲሆኑ ስም እስኪጠራ አይታወቅም። ነገ ጠዋት በር ላይ የምትፈልጓቸው እነሱን ነው። በሳምንት አንዴ ይሄን ብታደርጉ የጎደሉት ስሞች እየተቀያየሩ ይሄዳሉ፣ አንድ ስም ደጋግሞ ከጎደለ ግን እዛ ጋ ስራ አለ።

ምን እንበላቸው? ስሙን በትክክል፣ ቤተሰቡ እንደሚጠራው። ከዛ ጥያቄ ሳይሆን አንድ ያያችሁት ነገር። ጥያቄ መልስ ይፈልጋል፣ ከኋላ ሰልፍ አለ፣ ሁሉም እያየ ነው፣ ለአይናፋር ልጅ ይሄ ፈተና ነው። ያያችሁትን ነገር ስትነግሩት ግን ምንም አይጠበቅበትም፣ ይዞት ይገባል። "ትናንት ሶስተኛውን ጥያቄ በሌላ መንገድ እንደሰራሽው አይቻለሁ።" "ስዕልህ ላይ ወንዙን ቡናማ ቀባኸው፣ ጎርፍ የገባበት ወንዝ መሆኑ ገብቶኛል።" ስለ ስራው ይሁን፣ ስለ ልብስና መልክ አይሁን፣ ስለ ዝምታውማ በፍፁም። "ዛሬስ ታወሪያለሽ?" "የኛ ዝምተኛ መጣች" የሚባሉት በፍቅር ነው የሚባሉት፣ ግን ልጅቷ የምትሰማው ሁሉም ሰው ዝምታዬን ያየዋል የሚለውን ነው፣ ይብስባታል።

አንድ ልጅ ላጫውታችሁ። ሶስተኛ ክፍል ሳስተምር ነው፣ ሁልጊዜ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ከረጅሙ ልጅ ጀርባ ተከልላ የምትገባ ልጅ ነበረች። ስሟን እጠራለሁ፣ አንድ ነገር እላለሁ፣ መልስ ሳልጠብቅ አይኔን ወደሚቀጥለው አዞራለሁ። ይሄ አይን ማዞር ትልቅ ነገር ነው፣ ልጁ ላይ አይናችሁን ተክላችሁ መልስ ከጠበቃችሁ ያ ሶስት ሰከንድ ለሱ አመት ነው። መሬት መሬት እያየች ትገባ ነበር። እንዲሁ ቀጠልን። አንድ ቀን እጇ ላይ የነበረውን እርሳስ ትንሽ ከፍ አደረገችው፣ ከፖስተሩ አራት ስዕሎች ውስጥ የለም ይሄ፣ ራሷ ነው የፈጠረችው። እኔም የያዝኩትን እስኪርቢቶ ከፍ አደረግኩ። በቃ ሰላምታችን እሱ ሆነ፣ ለማንም አላወራሁም፣ ለክፍሉም አላሳየሁም።

ከዛ ምን ሆነ መሰላችሁ? አንድ ጠዋት ሌላ መምህር በር ላይ ሊያናግረኝ መጣና ዞሬ እያወራሁ ልጆቹ ዝም ብለው ይገቡ ነበር። ንግግሬን ጨርሼ ስዞር እሷ አልገባችም፣ ቆማለች፣ እርሳሷን ይዛ እየጠበቀችኝ ነው። ያኔ ነው ነገርየው እየሰራ መሆኑን በእርግጠኝነት ያወቅኩት፣ ምክንያቱም ልጅቷ ሰላምታውን የራሷ አድርጋዋለች፣ ካልተሰጣት ትጠይቃለች ማለት ነው። ከዛ ቆይቶ በሹክሹክታ፣ ከኔ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ "ማካፈሉ አልገባኝም" አለችኝ። ክፍል ውስጥ እጅ አውጥታ አትጠይቅም ነበር፣ በር ላይ ግን ጠየቀች። እኔም "እሺ፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን ስትሰሪ እመጣለሁ" አልኳት፣ ሄድኩም። ማካፈል ሲገባት የቀረውን ነገር የሰራው ማካፈሉ ራሱ ነው፣ መልስ ያላት ልጅ ሆነች፣ ለጎረቤቷ ታሳይ ጀመር።

እዚህ ጋ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ምን ላይ ነው? ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲናገር። አንድ ክፍል ውስጥ የሆነውን አይቻለሁ፣ ዝም ብሎ የከረመ ልጅ "ሰላም ቲቸር" አለ፣ መምህሩ በደስታ "አጨብጭቡለት!" አለ፣ ሃምሳ ልጅ አጨበጨበ። ልጁ ከዛ በኋላ ለረጅም ጊዜ ቃል አልወጣውም። ለምን? መናገር ማለት የሁሉም አይን እኔ ላይ ነው ማለት እንደሆነ ተማረ። ልባችሁ ይጨብጨብ፣ ፊታችሁ ግን እንደ ሌላው ቀን ይሁን። "ሰላም" ብላችሁ መልሱለት፣ እንዳለፈው ሁሉ።

ሌላው የሚያበላሸው ነገር በሩን ኬላ ማድረግ ነው። የቤት ስራ የታለ? ዩኒፎርምህስ? ትናንት ለምን ቀረህ? አንዴ በር ላይ መፈተሽ ከጀመራችሁ ልጆቹ ሰላምታውን ሳይሆን ፍተሻውን ነው የሚያዩት፣ ጥፋት ያለበት ተደብቆ ይገባል፣ አይናፋሩ ደሞ ጥፋት ባይኖርበትም ይደነግጣል። ይሄ ሁሉ መጠየቅ አለበት፣ ግን በኋላ፣ ስራው ከተጀመረ በኋላ ወንበሩ ድረስ ሄዳችሁ በጆሮው። ትናንት ያስቆጣችሁ ልጅም ዛሬ በር ላይ የሚያገኘው ያንኑ ሰላምታ መሆን አለበት፣ ያንኑ ድምፅ። ይሄ ከባድ ነው፣ ከሁሉም ከባዱ እሱ ነው፣ ግን ሰላምታው የጥሩ ልጆች ሽልማት ከሆነ ሌሎቹ እየተዉት ይሄዳሉ።

ወሰኑንም ልናገር። ሰላምታ ሁሉንም አይፈታም። ቤት ውስጥ እንደልቡ የሚያወራ፣ ትምህርት ቤት ግን ጭራሽ ድምፅ የማይወጣው ልጅ አለ። ይሄ ነገር ከአንድ ወር በላይ ከቆየ፣ የትምህርት መጀመሪያውን ወር ሳንቆጥር ማለቴ ነው፣ ቋንቋው አዲስ ስለሆነበትም ካልሆነ፣ እልህ ወይም ጥጋብ አይደለም፣ ከጭንቀት የሚመጣ የታወቀ ችግር ነው፣ ባለሙያ ያስፈልገዋል። ወላጅ አነጋግሩ፣ "ቤት እንዴት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሳቸው ያስገርማችኋል። እስከዛ ድረስ በምልክት ተቀበሉት፣ "ካልተናገርክ አትገባም" የሚባል ነገር ግን ለማንም ልጅ እንዳይባል። ሌላ ደሞ ሁልጊዜ የሚመልስ ልጅ አንድ ቀን ዝም ካለ ያ አይናፋርነት አይደለም፣ የሆነ ነገር ተፈጥሯል፣ በእረፍት ሰአት ብቻውን ፈልጉት። በየቀኑ በር ላይ የቆመ መምህር ይሄን ለውጥ በዛው ጠዋት ያየዋል።

መስራቱን በምን ታውቃላችሁ? ሰአት ያዙ። ደወሉ ከተደወለ ስንት ደቂቃ ፈጅቶ ነው ሁሉም መፃፍ የሚጀምረው? ከመጀመራችሁ በፊት ለጥቂት ቀን ፃፉት፣ ከጀመራችሁ በኋላም ፃፉት። መጀመሪያ ላይ ሊብስባችሁ ይችላል፣ ልጆቹ አዲሱን ነገር ይፈትሹታል፣ ይስቃሉ፣ አራቱንም ሰላምታ በአንዴ የሚያደርግ አይጠፋም። ቀጥሉ። የሚጎዳው ጀምሮ ማቆም፣ ሲመች ብቻ ማድረግ ነው፣ በተለይ ለዝምተኞቹ፣ እነሱ ነገ እንደሚኖር ካላወቁ አይጠጉትም።

መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ከመምጣቱ በፊት ልመልሰው፣ "ያልመጣሁ ቀንስ?" የሚለውን። ለልጆቹ አስረክቡት። በየሳምንቱ ሁለት ልጅ ባለተራ ይሁኑ፣ አንዱ በር ላይ ሰላም ይላል፣ ሌላው የጠዋቱን ስራ ወረቀት ያድላል። ማደሉ መናገር አይፈልግም፣ ስለዚ አይናፋሩ ልጅ ያን ይዞ በር ላይ መቆም ይችላል፣ እያንዳንዱ ልጅ በፊቱ ያልፋል፣ እያንዳንዱ ከሱ እጅ ይቀበላል። ምትክ መምህር ሲመጣም ባለተራዎቹ ስለሚያውቁት ክላሱ በራሱ ይጀምራል። ተራውን ግድግዳ ላይ ለጥፉት እንጂ በቃል አትምረጡ፣ "ማን ይፈልጋል?" ካላችሁ እጅ የሚያወጡት ሁልጊዜ እነዛው ናቸው።

እኔ ጨርሻለሁ፣ አመሰግናለሁ። ማይኩን ከኋላ ጀምሩት እባካችሁ፣ መጠየቅ ፈልጎ እጅ ማውጣት የከበደው ካለ ደሞ ወረቀት ላይ ፅፎ ቢያቀብለኝ አነበዋለሁ።